ጎማን በመግዣ ዋጋ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ወጪ ማነጻጸር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የተጻፉት ባለ ስድስት ጎማ አይሱዙ የጭነት መኪና ለሚያሠሩ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ሲሆን፣ ምሳሌዎቹም በዚሁ መኪና ላይ በሚገጠመው በ7.50-16 ጎማ የተሠሩ ናቸው። የብር መጠኖቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢው በቦታቸው ራሱ የተጠየቀውን ዋጋ ማስገባት ይኖርበታል። የቤት መኪና ላላቸው መልሱ በመጠኑ ስለሚለይ ወደ መጨረሻው ለብቻው ቀርቧል።

የኪሎ ሜትር ወጪ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ጎማ ከመደብር ወጥቶ እስኪጣል ድረስ የጠየቀው ብር በሙሉ፣ ጎማው በዚያ ዕድሜው ለሄደው ኪሎ ሜትር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

የኪሎ ሜትር ወጪ = (የጎማው ዋጋ + የመግጠሚያና ተጓዳኝ ወጪ − ሲወልቅ የሚሸጥበት ዋጋ) ÷ ጎማው የሚሄደው ኪሎ ሜትር

ስሌቱ ራሱ ከማካፈል ያለፈ ነገር የለውም። የሚያስቸግረው ከማካፈያው ምልክት በታች ያለው ቁጥር ነው። ዋጋውን ነጋዴው ይነግረናል፤ ኪሎ ሜትሩን ግን ነጋዴው አያውቀውም፤ ቢያውቀውም የሚያውቀው ስለ ሌላ ሰው መኪናና ስለ ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በዚህ በታችኛው ቁጥር ላይ ነው።

ከጎማው ዋጋ ሌላ በወጪው ውስጥ ምን ይገባል?

7.50-16 ጎማ በአብዛኛው ከከመነዳሪና ከፍላፕ ጋር ስለሚገጠም የሁለቱ ዋጋ ይጨመራል፤ ጎሚስታው ለማውለቅና ለመግጠም የሚያስከፍለውም እንዲሁ። እነዚህ ወጪዎች ለርካሹም ለውዱም ጎማ እኩል ናቸው፤ ንጽጽሩን የሚያዛቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ርካሹ ጎማ 14,000 ብር፣ ውዱ 21,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ 50 ከመቶ ይመስላል። በሁለቱም ላይ ለከመነዳሪና ለፍላፕ 1,800 ብር፣ ለመግጠሚያ 200 ብር ሲጨመር ግን ርካሹ 16,000፣ ውዱ 23,000 ብር ይሆናሉ፤ ልዩነቱም ወደ 44 ከመቶ ይወርዳል። ቶሎ የሚያልቀው ጎማ ይህን የ2,000 ብር ወጪ ቶሎ ቶሎ እንደሚያስከፍልም መርሳት አይገባም።

ያለቀው ጎማ የሚሸጥበት ዋጋ መቀነስ ያለበት ገዢ እንዳለ በእርግጥ ሲታወቅ ብቻ ነው። አለበለዚያ ዜሮ ብሎ መያዝ ይሻላል።

ጎማው ገና ሳያልቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ጥርሱን በመለካት ነው። የጎማ ጥርስ ጥልቀት መለኪያ ትንሽና ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ጫፉ በጥርሶቹ መካከል ወዳለው ቦይ ሲገባ ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር ያሳያል። ጎማው በሚገጠምበት ቀን ጥልቀቱ ይለካና መኪናው የቆጠረው ኪሎ ሜትር አብሮ ይጻፋል። ከዚያ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ እንደገና ይለካል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል የጠፋው ጥርስ በተሄደው ኪሎ ሜትር ሲካፈል ጎማው በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ይታወቃል። የቀረው ሥራ፣ ሊበላ የሚችለው ጥርስ በሙሉ በዚህ ፍጥነት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ማስላት ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ጥርስ እስከ ዜሮ አይቆጠርም። በቦዮቹ ውስጥ ያሉት የማለቂያ ምልክቶች በቤት መኪና ጎማ ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ አላቸው፤ ይህ ግን የመጨረሻው ድንበር ነው። ጭነት ለሚይዝና በዝናብ ለሚሄድ መኪና 3 ሚሊ ሜትር ላይ ማውለቅ አስተዋይነት ነው፤ በአሜሪካ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የፊት ጎማ የተደነገገው ዝቅተኛ ጥልቀትም 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የምንከፍልበት ጥርስ እንግዲህ በአዲሱ ጥልቀትና በ3 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ቶሎ መለካት ያሳስታል። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ጥሩ ቢሆን እንኳ የ0.2 ሚሊ ሜትር ስሕተት አይጠፋውም። በ3,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከተበላ ጎማ ላይ ይህ ስሕተት የውጤቱን ግማሽ ያህላል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ከተበላ በኋላ ግን ወደ 13 ከመቶ ይወርዳል። በወሩ መጨረሻ ላይ «ይኼ ጎማ አይበላም» ብሎ የሚመሰክር ሰው ምንም የያዘው ነገር የለም።

ሦስተኛው፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሥራ መሥራት አለባቸው። የፊት ጎማና የኋላ ጎማ በአንድ ዓይነት አይበሉም፤ አንዱን ፊት፣ ሌላውን ኋላ ገጥሞ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ይልቁንም በኋላው አክስል በአንዱ ጎን ያሉትን ጥንድ ጎማዎች ከአንዱ ዓይነት፣ በሌላው ጎን ያሉትን ከሌላው ዓይነት ማድረግ፣ በግማሹ ላይም ጎን ማቀያየር ይቻላል፤ መንገዱ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል ቀኙና ግራው እኩል ጭነት አይሸከሙምና። በአንድ ጥንድ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጎማዎች መቀላቀል የለባቸውም፤ ቁመቱ ከፍ ያለው የባልደረባውን ጭነት ስለሚሸከም ይሞቃል፣ አጭሩ ደግሞ እየተንሸራተተ ያልቃል። ራዲያልና ናይሎን ክር ጎማም በአንድ አክስል ላይ አብረው አይገጠሙም። ሁለት መኪና ያለው ባለንብረት ሁለቱም በአንድ መስመር የሚሠሩ ከሆነ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለው፤ ለአንዱ አንዱን ዓይነት፣ ለሌላው ሌላውን ዓይነት ገጥሞ መከታተል ይችላል።

እስቲ በቁጥር አሳዩን።

ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት ጎማዎች እንውሰድ። ርካሹ ሲገጠም ጥርሱ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 8.6 ሆነ። 2.4 ሚሊ ሜትር ተበልቷል ማለት ነው፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 0.2። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚበላ 8 ሚሊ ሜትር ስለነበረው ጠቅላላ ዕድሜው 40,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውዱ ሲገጠም 12.2 ነበር፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 10.7 ሆነ። የተበላው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 0.125። የሚበላው 9.2 ሚሊ ሜትር በዚህ ፍጥነት 73,600 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ርካሹ፦ 16,000 ÷ 40,000 = በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም
ውዱ፦ 23,000 ÷ 73,600 = በኪሎ ሜትር 31 ሳንቲም ከሩብ ገደማ

ዘጠኝ ሳንቲም የማይረባ ይመስላል። መኪናው ግን በስድስት ጎማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ40 ከ1 ብር ከ88 ጋር እየተወዳደረ ነው። በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ኪሎ ሜትር የሚሠራ መኪና በርካሹ ጎማ 115,200 ብር፣ በውዱ 90,000 ብር ያወጣል። ልዩነቱ በዓመት 25,200 ብር ነው።

በዚህ ምሳሌ የውዱ ጎማ ብልጫ ከሁለት ቦታ እንደመጣ ልብ ይሏል። አብዛኛው የመጣው ጥርሱ ቀስ ብሎ በመበላቱ ሲሆን፣ የተወሰነው ደግሞ አዲስ ሳለ ጥርሱ ጥልቅ በመሆኑ ነው። ሁለተኛውን ያለ ምንም ጉዞ፣ መደብሩ ውስጥ መለኪያ ይዞ ገብቶ ማየት ይቻላል፤ ነጋዴው ግር ቢለውም አይከለክልም። እኩል ዋጋ የተጠየቀባቸው ሁለት ጎማዎች የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሲኖራቸው ያ ልዩነት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ጥልቅ ጥርስ ሁልጊዜ ረጅም ዕድሜ ማለት አይደለም፤ ለፒስታ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጉብ ጉብ ጥርስ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ሲሄድ ጥርሱ እየተወላገደና እየጋለ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ነኝ፤ የለካሁት ነገር የለኝም። ምን ላድርግ?

ጥያቄውን መገልበጥ ይረዳል። «ውዱ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» በማለት ፈንታ «ውዱ እንዲያዋጣ ቢያንስ ስንት መሄድ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነው። 23,000ን ለ16,000 ስናካፍል 1.44 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ርካሹ 40,000 የሚሄድ ከሆነ ውዱ ከ57,500 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለበት። ይህን ቁጥር ይዞ በዚያው መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ እንዲሁ «የቱ ጎማ ይሻላል?» ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ «ይኼ ጎማ በሚሌ መስመር 57,000 ይሞላል?» ተብሎ የተጠየቀ ሾፌር የሚመልሰው ከልምዱ ነውና።

መስመሩን መጥራት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በፍጥነት መንገድ የሚመላለስ ጎማና በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ የሚወርድ ጎማ አንድ ስም ቢኖራቸውም አንድ ዕድሜ የላቸውም። በአፋር ቆላ የመንገዱ ሙቀት ላስቲኩን ያለሰልሰዋል፤ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት ጥርሱ በፍጥነት ይበላል። በዳገትና ቁልቁለት ብዙ ፍሬን የሚያዝበት መስመርም እንዲሁ።

የእኔ ጎማ በጥርስ አያልቅም፤ በድንጋይ ተቀዶ ወይም ፈንድቶ ነው የሚጣለው። ስሌቱ ለእኔ ይሠራል?

ይሠራል፤ መልሱ ግን ሊገለበጥ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

አብዛኛው ባለንብረት «ይህ ጎማ 70,000 ይሄዳል» ሲል የሚያስበው እስከ መጨረሻው የዘለቁትን ጎማዎች ነው። በመንገድ የቀሩት ከትውስታው ወጥተዋል። ወጪ ሲሰላ ግን የተከፈለባቸው ጎማዎች ሁሉ መቆጠር አለባቸው። ከስድስቱ ውድ ጎማዎች ሁለቱ በ15,000 ኪሎ ሜትር ላይ በድንጋይ ተቀደው ቢጣሉና አራቱ 73,600 ቢሄዱ፣ ስድስቱ አብረው የሠሩት 324,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተከፈለው 138,000 ብር ነው። የኪሎ ሜትሩ ወጪ ከ31 ሳንቲም ወደ 42 ሳንቲም ተኩል ይዘላል። አንድም ጎማ ሳይቀደድበት ርካሹን ያስጨረሰ ሰው በ40 ሳንቲም በልጦታል።

እርግጥ ያው ድንጋይ ርካሹንም ሊቀድ ይችላል። ከርካሾቹም ሁለቱ በዚያው 15,000 ላይ ቢቀደዱ ወጪያቸው ወደ 50 ሳንቲም ተኩል ስለሚወጣ ውዱ አሁንም ይሻላል፤ ብልጫው ግን ጠቧል። ነገሩን ወደ ጫፍ ብንወስደው፣ ማለትም በካባ መግቢያ ወይም በኮሮኮንች መንገድ ብቻ የሚሠራ መኪና ጎማዎቹ ምንም ዓይነት ቢሆኑ በ20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚቀደዱ ቢሆን፣ ርካሹ በኪሎ ሜትር 80 ሳንቲም፣ ውዱ 1 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚበላ ጥርስ ለማይበላበት መኪና ትርፍ ክፍያ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ መጠየቅ ያለበት ስለ ጥርሱ ሳይሆን ስለ ጎኑ ጥንካሬ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ባለፈው ጊዜ የወለቁት ጎማዎች በምን ምክንያት እንደወለቁ ማየት ያስፈልጋል። ጎሚስታው ጋር የተጣሉት ካሉ ሄዶ መለካት ነው። ጥርሳቸው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ መኪናው ጎማ የሚጨርሰው በመብላት ነው፤ ረጅም ዕድሜ ያለውን መግዛት ያዋጣል። 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ጥርስ እያላቸው ጎናቸው ከተቀደደ ወይም ካበጠ ግን የተጣለው ጥርስ የተጣለ ብር ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ጎማ ላይሆን ይችላል።

ጎማው መጥፎ መሆኑንና መኪናው ጎማውን እያበላሸ መሆኑን በምን እለያለሁ?

ጥርሱን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በውጭው፣ በመካከሉና በውስጡ ቦይ በመለካት ነው። ሦስቱ ልኬቶች ከተቀራረቡ የተገኘው የመበላት ፍጥነት የጎማው ነው። መካከሉ ከዳሮቹ ይልቅ ከተበላ ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቷል፤ ሁለቱም ዳሮች ከተበሉ አየር አንሶታል ወይም ጭነቱ በዝቷል፤ አንዱ ዳር ብቻ ከተበላ ጉዳዩ የአላይመንት ነው። እጅን በጥርሶቹ ላይ ወደ ጎን ሲያንሸራትቱ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ስለታም ሆኖ ከተሰማ፣ ይህም የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸውን ያመለክታል።

በእነዚህ ሁኔታዎች የሚቆጠረው ዕድሜ በጣም የተበላው ቦይ የሚፈቅደው ብቻ ነው። መካከሉ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዳሩ 3 የደረሰ ጎማ አልቋል። እንዲህ ያለውን ጎማ ይዞ ስሙን ማጥፋት አይገባም፤ በዚያ መኪና ላይ ማንኛውም ጎማ ተመሳሳይ ዕጣ ይጠብቀዋል። የአየር ጉድለት ብቻውን ብዙ ያጠፋል፤ ከሚገባው 20 ከመቶ ያነሰ አየር ይዞ የሚሄድ ጎማ ከዕድሜው አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ ይችላል። በኋላው ጥንድ የውስጠኛው ጎማ መንፊያ ለመድረስ ስለማይመች በብዙ መኪና ላይ አየሩ የሚረሳው የእሱ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ሆኖ ይገኛል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ መኪናም አለ፤ ሁኔታው ብርቅ አይደለም። ያን ጊዜ የጉዞዎቹን ብዛት በመስመሩ ርቀት ማባዛት ይበቃል። ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ግምት እስከተሰሉ ድረስ ንጽጽሩ አይዛባም።

ጎማ በነዳጅ ላይ ያለው ተጽዕኖስ?

ከሚጠበቀው በላይ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ፣ የሊትሩ ዋጋም 120 ብር ነው ብንል ነዳጁ በኪሎ ሜትር 21 ብር ከ60 ሳንቲም ይፈጃል። የዚህ 2 ከመቶ 43 ሳንቲም ነው። በምሳሌያችን በስድስቱ ርካሾችና በስድስቱ ውዶች መካከል የነበረው ልዩነት ግን 52 ሳንቲም ተኩል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚበላው ጎማ ሲንከባለል ከበድ የሚልና ነዳጅ የሚያስጨምር ከሆነ ብልጫው ሊጠፋ ተቃርቧል ማለት ነው።

ችግሩ የ2 ከመቶ ልዩነትን በተራ የነዳጅ መዝገብ መለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው፤ ጭነት፣ ነፋስና የሾፌሩ አነዳድ ከዚህ የበለጠ ይለዋውጡታል። በእኔ አስተያየት የነዳጁን ልዩነት በስሌቱ ማስገባት የሚገባው ለብዙ ወራት የተያዘ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው።

ውዱ እንደሚያዋጣ ገብቶኛል፤ አሁን ግን ገንዘቡ የለኝም። ተበድሬ ልግዛ?

በምሳሌው ስድስቱ ውድ ጎማዎች በአንድ ጊዜ የሚጠይቁት ጭማሪ 42,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የሚታሰረው ለጎማው ዕድሜ በሙሉ አይደለም፤ ርካሹን የገዛው ሰው በ10ኛው ወር 40,000 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ እንደገና 96,000 ብር ይከፍላልና። ጭማሪው በዓመት 20 ከመቶ ወለድ ቢገኝ የ10 ወሩ ወለድ 7,000 ብር ነው፤ በእነዚያ 10 ወራት ከጎማው የሚቆጠበው 21,000 ብር ነው። ስለዚህ ተበድሮም ያዋጣል። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ደግሞ ወለድ አይከፍልም። በ10ኛው ወር የጎማ ዋጋ ጨምሮ ቢገኝ የውዱ ብልጫ ይበልጥ ይሰፋል።

የሚያሰጋው ወለዱ ሳይሆን መኪናው ሥራ የሚፈታባቸው ወራት ናቸው። በዓመት 48,000 ሳይሆን 20,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሠራ ቁጠባው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ወለዱ ግን ጊዜውን ጠብቆ ይቆጥራል።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ይሻላል?

የሚገዛው የቀረው ጥርስ ስለሆነ ዋጋው በእሱ ይመዘን። የውዱ ዓይነት ሆኖ 7 ሚሊ ሜትር የቀረው ያገለገለ ጎማ እስከ 3 ድረስ 4 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ በ0.125 ፍጥነት 32,000 ኪሎ ሜትር ነው። አዲሱ በ31 ሳንቲም ከሩብ ስለሚሄድ ለ32,000 ኪሎ ሜትር ከ10,000 ብር በላይ መክፈል አያዋጣም፤ ከመነዳሪ፣ ፍላፕና መግጠሚያ ሲቀነስ ለጎማው የሚቀረው 8,000 ብር ነው። በ21,000 የሚሸጠውን ጎማ «በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ» ብሎ 10,500 የከፈለ ሰው ተጎድቷል። የቀደመው ባለቤት በምን ጭነትና በምን አየር እንደነዳው ስለማይታወቅ እኔ ከ8,000ም ቢሆን ዝቅ አድርጌ ነው የምጠይቀው።

የቤት መኪና ነው ያለኝ፤ በዓመት 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምነዳው። ለእኔም ረጅም ዕድሜ ያለው ይሻለኛል?

ምናልባት አይሻልዎትም። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ይሰነጣጥቁታል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ጎማ በስድስት ዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። አንድ ጎማ 7,000 ብር ሆኖ 55,000፣ ሌላው 10,000 ብር ሆኖ 90,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። በወረቀት ላይ ሁለተኛው በ11 ሳንቲም፣ የመጀመሪያው በ13 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል። እርስዎ ግን በስድስት ዓመት የሚነዱት 54,000 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው በ13 ሳንቲም ይጨርሳል፤ ሁለተኛው ገና ጥርስ እያለው በዕድሜ ይወልቅና 18 ሳንቲም ተኩል ያስወጣል።

በዚህ ምክንያት ለእርስዎ ከዋጋው ቀጥሎ የሚታየው የተመረተበት ቀን ነው። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጀምሮ ያለው ጽሑፍ በአራት አኃዞች ያበቃል፤ 2324 ቢል በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። በመደብር ሦስት ዓመት የቆየን ጎማ የሚገዛ ሰው ከስድስቱ ዓመት ግማሹን ሳይነዳበት ከፍሏል። ቁጥሩ አንዳንድ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማውን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል።

በጎማው ላይ የተጻፈው የትሬድዌር ቁጥር ልኬቱን አይተካም?

በአሜሪካ ለሚሸጡ የቤት መኪና ጎማዎች የሚሰጠው ይህ ቁጥር መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። 400 የተጻፈበት ጎማ በመንግሥት በተወሰነው የመንገድ ፈተና 100 ከተባለው የማነጻጸሪያ ጎማ አራት እጥፍ ይሄዳል ተብሎ የተገመተ ነው። ፈተናው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ አንዱ አምራች ቁጥሩን ዝቅ፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ሊመድብ ይችላል። በአንድ አምራች ሁለት ጎማዎች መካከል ለማወዳደር ይጠቅማል፤ በሁለት አምራቾች መካከል ግን በጥንቃቄ። እንደ 7.50-16 ባሉ የጭነት ጎማዎች ላይ ደግሞ አይገኝም።

በአውሮፓ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ምልክት የነዳጅ ቁጠባን፣ በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ አቅምንና ድምፅን ያሳያል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አይናገርም። ይሁንና ለእኛ ንጽጽር የሚጠቅም አንድ ነገር አለው። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ላስቲክ በእርጥብ መንገድ ላይ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ይህ ጉድለት በሳንቲም ስሌት ውስጥ በምንም መንገድ አይታይም። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ወጪ የሚወዳደሩት አስቀድሞ የመኪናውን ጭነት የሚችል የፕላይ ቁጥር ያላቸውና በዝናብ መያዛቸው የታወቀ ጎማዎች ብቻ መሆን አለባቸው። ከእነዚህ አንዱን የማያሟላ ጎማ በኪሎ ሜትር 5 ሳንቲም ቢያስወጣ እንኳ ወደ ውድድሩ አይገባም።